ሲስተር ለእማዬ የጻፈችላት

እማዬ ሰኞ አዲስ ክሊኒክ የደም ግፊት ክትትል ትጀምራለች። ዛሬ ጠዋት የክሊኒኩ ነርስ በቴሌግራም ደብዳቤ ላከችላት። «እናቴ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ» ይላል።

ምን ይከብዳል ብዬ በፍላሽ አነሳሁት። የእሽጉ ጀርባ እንደ መስታወት አንጸባርቆ ምንም አይነበብም። ለካ ደብዳቤውን ሳልጨርስ ነው የቸኮልኩት፦ «ፍላሹን ያጥፉት። መስኮት አጠገብ፣ ጠቆር ያለ ጨርቅ ላይ ያድርጉት። ካብረቀረቀ እሽጉን ትንሽ ያዘንብሉት። ስሙ ተቆርጦ የሄደ ካለ አይገምቱ፣ እንዳለ ያንሱት።»

ጅማ ዳምናለች፤ ለፎቶ ግን ለስላሳው ብርሃን ተስማማን። በርጩማው ላይ ሻሿን አንጥፌ ሳነሳ ፊደሉ ቁልጭ አለ።

«ከትልቁ ስም ሥር ያለው ትንሽ ጽሑፍና ቁጥሩ ይታይ» ብላለች። በጣቴ አጉልቼ አየሁት። ሁለት እሽጎች፣ ትልቁ ስማቸው የተለያየ። ከሥር ግን ሁለቱም ያው አንድ የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም! እማዬ ሁለቱንም በየጠዋቱ ትውጣለች። ቁርጭምጭሚቷ ማበጥ ከጀመረ ሳምንታት ሆኖታል፤ እኛ ደግሞ መቆም ስለምታበዛ ነው እንላለን። አንዱን አንድ ቦታ ጻፉላት፣ ሌላውን ሌላ ቦታ። ጎን ለጎን ያያቸው ሰው አልነበረም።

ፎቶውን ልኬ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ሲስተር ደወለች። «በራሳችሁ ምንም አታቁሙ፣ ሐኪሙን ልጠይቅ» አለች። ማታ መልሱ መጣ፦ ከነገ ጀምሮ አንዱን ብቻ፣ ሰኞ ግን ሁለቱንም ከነካርቶናቸው ይዛችሁ ኑ።

እማዬ አሁንም አላመነችም። «አንዱ ካርቶኑ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ! እንዴት አንድ ይሆናሉ?»