ስድስት ደቂቃ ብርሃን፣ አንድ ገጽ ማስታወሻ

ሐሳቡ ባጭሩ የሚነገር ነበር። ብርሃን በራሽን የሚታደልባት ከተማ አለች። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አለች። ታሪኩ ልጅቷ አንድ ቀን ማታ የጻፈችው የማስታወሻ ደብተር ገጽ ነው። በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ ብዬ ተነሳሁ፤ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያቃተኝ ቋንቋው አልነበረም፤ ሒሳቡ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። የምኖርባት ከተማ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን 30 ደቂቃ ብርሃን ታድላለች። ከዚያ በላይ የተጠቀመ ይቀጣል።»

ለጓደኛዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጅቷ ይህን የምትነግረው ለማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማንም ሰው በገዛ ደብተሩ ላይ «ውሃ በቧንቧ ይመጣል» ብሎ አይጽፍም። የሚጽፈው ውሃ የጠፋ ቀን ነው፤ ያኔም «ዛሬም ጠፋ» ብሎ ያልፋል። ልጅቷ የተወለደችው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ለእሷ ራሽኑ ዜና አይደለም።

ስለዚህ ደንቡን የሚያስረዳውን ሁሉ ሰርዤ በምትኩ ጠብ ጻፍኩ። ወንድሟ የወደቀበትን የሸሚዝ ቁልፍ ሲፈልግ ሁለት ደቂቃ ብርሃን አባከነ። እሷ ተናደደች። በቃ፣ ሁለት ደቂቃ እንደ ገንዘብ የሚቆጠርበት ቤት መሆኑን አንባቢው ከንዴቷ ያገኘዋል። የሰው ንዴት ብዙ ነገር ይናገራል፤ ሰው የሚቆጣው ውድ በሆነበት ነገር ነውና።

ትልቁን ስህተቴን ያገኘሁት ግን በአጋጣሚ ነው። አንድ ማታ የእሷን ገጽ በእስክሪብቶ ልገልብጥ ተቀመጥኩና ሰዓት ያዝኩ። በእጄ ስጽፍ፣ እያሰብኩ፣ በደቂቃ 12 ቃል ያህል እጽፋለሁ። ረቂቄ 640 ቃል ነበር። ለ12 አካፈልኩት፤ 53 ደቂቃ መጣ። ልጅቷ የምታገኘው በቀን 30 ነው! ስለ ብርሃን እጥረት የምታማርረው ልጅ ከሁለት ቀን ድርሻዋ ብዙም ያልተናነሰ ብርሃን ለምሬቷ አቃጥላለች ማለት ነው። ይህን ስመለከት ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ የቤቱን በጀት በወረቀት ሠራሁ። ቤተሰቡ አራት ነው፦ እናት፣ አያት፣ ልጅቷና ታናሽ ወንድሟ። አንድ መብራት፣ አንድ ቆጣሪ፣ የአራቱ ድርሻ ተደምሮ 120 ደቂቃ። እራት ለመሥራትና ለመብላት 45። እናቷ በክፍያ ልብስ ትሰፋለች፤ ለእሱ 40። ለሁለቱ ልጆች የቤት ሥራ 25። ለመታጠብና አልጋ ለማንጠፍ 4። የቀረው 6 ደቂቃ ነው። በደቂቃ 12 ቃል ከሆነ 72 ቃል። የማስታወሻዋ ጣሪያ ይኸው ነው።

ይህ ቁጥር ታሪኩን በሙሉ ገለበጠው። ረጃጅሞቹ ዓረፍተ ነገሮች ወደቁ። «ሰማዩን ሳስበው ልቤ ይጨነቃል» የምትለዋ መስመር፣ በጣም የምወዳት፣ ሄደች። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ማንም ስለ ሰማይ አያስብም። ከገጹ አናት ላይ ቀኑን ማጻፍም ተውኩ። እዚያ የሚቀመጠው የቀራት ደቂቃ ነው።

በጀቱ ያላሰብኩትን ሌላ ነገርም አመጣ። ቆጣሪው የሚቆጥረው ደቂቃ እንጂ ድምቀት ካልሆነ ሰው ሁሉ ወደ መብራቱ ይጠጋል። ከትንሽ አምፖል ያለህን ርቀት በግማሽ ስትቀንስ የሚደርስህ ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር ወደ 30 ብትጠጋ ማለት ነው። ስለዚህ አራቱም ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተጨናንቀው ነው የሚያመሹት። ታዲያ ልጅቷ ምስጢሯን የት ትጽፋለች? በብርሃን የምትጽፈውን ሁሉ አጠገቧ ያለ ሰው ሊያነበው ይችላል። ምስጢር የሚጻፈው መብራቱ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው። ገጹ ለሁለት ተከፈለ፤ ላይኛው ማንም ቢያየው ግድ የማይሰጣት፣ ታችኛው በጨለማ የተጻፈው።

እዚህ ስደርስ ጨለማን እንደማላውቀው ገባኝ። በመጀመሪያው ረቂቅ «በጨለማው ውስጥ ቀይ ሻርፗ ደምቆ ይታያል» ብዬ ነበር። ከንቱ ነው። አንድ ክፍል መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ በበሩ ስር ብቻ ስስ ብርሃን ትቼ ተቀመጥኩ። ቀይ ፎጣ ይዤ ገብቼ ነበር። ጥቁር ነው የሚመስለው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ህዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ለቀይ ደግሞ ጭራሽ ደካማ ናቸው። ሰማያዊው ትራስ ከቀዩ ፎጣ ይልቅ የፈካ ግራጫ ሆኖ ታየኝ።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመላመድ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። መጀመሪያ ምንም፣ ከዚያ የጠረጴዛው ጠርዝ፣ ከዚያ ወንበሩ። በ25ኛው ደቂቃ ስልኬን አንድ ጊዜ ከፍቼ ሰዓት አየሁ። ሁሉም ጠፋ። እንደገና ከዜሮ። ያኔ የከተማዋን የብርሃን ፈታሾች አገኘኋቸው። በረቂቄ ዱላ ይዘው ነበር የሚመጡት። ዱላው አያስፈልግም። ፊትህ ላይ ባትሪ ያበራሉ፣ ይሄዳሉ። ለብዙ ደቂቃ በገዛ ቤትህ ዕውር ትሆናለህ።

ሦስተኛውን እስከ አሁን ስሞክረው ይገርመኛል። በጨለማ ውስጥ ያለን ነገር ቀጥ ብለህ ስታየው ይጠፋል። ትንሽ ወደ ጎን ስትመለከት ይመጣል። የዓይናችን መካከለኛ ነጥብ ለጨለማ የሚሆኑት ህዋሳት የሉትም፤ ያሉት በዙሪያው ነው። ኮከብ የሚመለከቱ ሰዎች ይህን ያውቁታል። በጨለማ ያደገች ልጅም ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች።

ከዚያ በጨለማ መጻፍን ሞከርኩ። ውጤቱ አሳፋሪ ነበር። መስመሬ ወደ ታች ዘመመ፣ ሁለተኛው መስመር በመጀመሪያው ላይ ወጣ። መፍትሔ የሆነኝ ወረቀቱን እንደ ማራገቢያ ደጋግሞ ማጠፍ ነው። ሲዘረጋ እጥፋቱ ለጣት ይሰማል፤ አውራ ጣት እጥፋቱ ላይ ሆኖ መስመሩን ይጠብቃል። ብልሃቱን ለአያትየው ሰጠኋት። ዓይኗ ስለደከመ ብርሃን ብዙም አይጠቅማትም፤ ድርሻዋ ግን እንደማንኛውም ሰው 30 ደቂቃ ነው። (እሷን ገድዬ ቤተሰቡ ድርሻዋ እንዳይቀርበት ሞቷን ይደብቃል ማለት በጣም አምሮኝ ነበር። ተውኩት። ገና ሲጀመር ሁሉም አንባቢ ይገምተዋል።)

ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በጨለማ ብዕሩ እግሩ ላይ ትንሽ ካመለጠ «በ» «ቢ» ይሆናል። ጠዋት ያነበብኩት ወረቀት ላይ «በላ» ያልኩት ሁሉ «ቢላ» ሆኖ ነበር። በታሪኩ ውስጥ እንዲህ ያለ ስህተት በየመስመሩ ብሞላ አንባቢው ይሰለቻል። አንድ ብቻ ተውኩ።

ሰዎች ቶሎ የሚጠይቁኝ ፀሐይ የት ሄደች የሚለውን ነው። ልጅቷ የምትኖረው ከላይዋ መንገድና ቤት በተደራረበበት የታችኛው ፎቅ ነው፤ ለእኔ ይህን ማወቅ በቃኝ። ራሽኑን ማን ጀመረው፣ ለምን፣ ሦስት ገጽ ማስታወሻ አለኝ። አንዱም ታሪኩ ውስጥ አልገባም። እሷ ራሷ አታውቅማ።

የመጨረሻው ገጽ ይኸው። ላይኛው ክፍል ከ72 ቃል አይበልጥም፤ ቆጥሬዋለሁ።

«የቀረኝ 6።

ሁለት ደቂቃ ለአንድ ቁልፍ! ያውም ለተቀደደ ሸሚዝ። እናቴ ምንም አላለችውም። እኔ ግን ባለፈው ለመስታወት ግማሽ ደቂቃ ወስጄ ሦስት ቀን ተወራብኝ።

ፈታሾቹ መጥተው ነበር። አንዱ ፊቴ ላይ አበራ። ቆጣሪውን አየ፣ ሄደ። ከሄደ በኋላ የገዛ እጄ እንኳ አልታይ አለኝ። እናቴ የት እንዳለች በድምፅዋ ነው ያወቅኩት።

አያቴ ‹ከድርሻዬ ጻፊበት› አለችኝ። ‹እኔ ምን ላይበት› ብላ ሳቀች። ወረቀቱን እሷ እንዳሳየችኝ አጥፌዋለሁ።

ቆጣሪው ጠቅ

አለ። አውራ ጣቴ እጥፋቱ ላይ ነው።

ወንድሜ የእኔንም እራት ቢላ። አልተናገርኩም።

መስታወት ያየሁት ለመልኬ አይደለም። የአያቴ ሻርፕ ቀይ ነው ይላሉ። አንገቴ ላይ አድርጌ ላየው ፈልጌ ነው። እውነትም ቀይ ነው።

እናቴ አልተኛችም። ሳያት ትጠፋለች። ግድግዳውን ሳይ ትመጣለች። አሁን ግድግዳውን እያየሁ ነው። እጇ ይንቀሳቀሳል።

እየሰፋች ነው።»