መቶ የሚለው መልስ ከየት መጣ?

ኮምቦልቻ በማስተምርበት ኮሌጅ የስታቲስቲክስ ፈተና እያረምን ነበር። አብረውኝ የሚያስተምሩት አንጋፋ ባልደረባዬ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጆቹ ተኮራርጀዋል» አሉኝ። «ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይሄ ሁሉ ሰው 100 ብሎ ጽፏል። ሰው ትክክለኛውን መልስ አንድ ዓይነት ቢጽፍ ያባት ነው። ስህተቱ እንዴት አንድ ዓይነት ይሆናል?»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ኩረጃ ከተባለ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል። ወረቀቶቹን ተቀብዬ ሳገላብጥ ግን 100 ብለው የጻፉት በሁለት የተለያዩ ክፍሎች የተፈተኑ ልጆች ናቸው። ስሌታቸውን ሳየው ደግሞ ቁጥሩ የመጣበት መንገድ ወለል ብሎ ታየኝ።

ጥያቄው እንዲህ ነበር። በተሁለደሬ ወረዳ የጤና መድኅን አባል የሆኑ ቤተሰቦች ድርሻ ሊጠና ነው። (ተሁለደሬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ ስለሆነች ልጆቹ ነገሩን ያውቁታል።) ቤተሰቦቹ በእጣ ይመረጣሉ። ስለ ድርሻው ቀድሞ የሚታወቅ ነገር የለም። የመተማመን ደረጃው 95 በመቶ፣ ማርጂን ኦፍ ኤረሩ፣ ማለትም ግምቱ ከእውነተኛው ድርሻ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት ወሰን፣ 0.05 እንዲሆን ስንት ቤተሰብ ይጠየቅ?

ድርሻው ካልታወቀ 0.5 ይወሰዳል። ከየትኛውም ድርሻ ይልቅ ትልቁን ናሙና የሚጠይቀው እሱ ስለሆነ፣ እሱን የያዘ ሰው ናሙና አያጥረውም። n የናሙናው መጠን፣ p ድርሻው፣ d ማርጂኑ፣ z ደግሞ ከመተማመን ደረጃው የሚመጣው ቁጥር ነው፤ ለ95 በመቶ 1.96 ይሆናል። ከዚያ ስሌቱ ይኸው፦

```
n = z² × p(1−p) / d²
n = 1.96² × 0.5 × 0.5 / 0.05² = 384.16
```

384 ሰው ብንወስድ ማርጂኑ ከ0.05 በጥቂቱ ያልፋል። ስለዚህ ወደ ላይ ተጠግቶ 385 ይሆናል።

ልጆቹ ግን ከፈተናው ጋር ከተሰጣቸው የቀመር ወረቀት ላይ ሌላውን ነበር ያነሡት፦

```
SE = √(p(1−p)/n)
```

ይሄ የስታንዳርድ ኤረር ቀመር ነው። SE በሚለው ቦታ 0.05 አስገቡ፣ ገለበጡት፣ 0.25ን ለ0.0025 አካፈሉ። 100 ወጣ። አልጀብራው አንድም እንከን የለበትም። ይሄን መንገድ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ብቻውን በር ዘግቶ ቢሠራም፣ 100 ላይ ነው የሚደርሰው።

ባልደረባዬ አላመኑም። «እሺ፣ አንዷን ጠርተን እንጠይቃት» አሉ። ጎበዝ የምትባል ተማሪ ነበረች፣ መጣች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ ስላየሁ «አብሽሪ፣ ልንቀጣሽ አይደለም» አልኳት።

«እስቲ ይሄን 100 እንዴት እንዳገኘሽው ንገሪኝ።»

«ቲቸር፣ ስህተቱ 0.05 ተብሎ ተሰጥቷል። የስታንዳርድ ኤረር ቀመር ውስጥ n አለ። የምፈልገው እሱን ስለሆነ ፈታሁት።»

«መልካም። ጥያቄው ላይ 95 የሚለው 99 ቢሆን ኖሮ መልስሽ ስንት ይሆን ነበር?»

ወረቀቷን ዝቅ ብላ አየች። ቆየች። «ያው 100 ነው…» አለችና አቆመች። «95ን የትም አላስገባሁትም።»

ባልደረባዬ ወረቀቱን ከእጇ ወስደው ራሳቸው አዩት። 1.96 የሚባል ቁጥር በገጹ ላይ የለም።

ለዚህ ስህተት ከዚህ የተሻለ መፈተሻ አላውቅም። የመተማመን ደረጃው ሲቀየር የናሙናው መጠን መቀየር አለበት። በ99 በመቶ 1.96 የነበረው 2.576 ይሆናል፣ መልሱም ወደ 664 ያድጋል። መልስህ ንቅንቅ ካላለ ማርጂኑን በስታንዳርድ ኤረር ቦታ አስቀምጠሃል ማለት ነው።

ከዚያ ልጅቷን 100ን መልሳ እንድታስገባው ጠየቅኳት። በ100 ቤተሰብ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.05 ነው። ይሄ የሚነግረን ሌላ 100 ቤተሰብ በእጣ ብናወጣ፣ ደግሞ ሌላ 100 ብናወጣ፣ ውጤቱ በተለምዶ ምን ያህል ወዲያ ወዲህ እንደሚል ነው። በ95 በመቶ መተማመን ለመናገር ግን ይሄን በ1.96 አባዝተን ክልሉን እናሰፋዋለን፤ ማርጂኑ ያ ነው። እዚህ 0.098 ይመጣል። ስለዚህ ጥናቱ 50 በመቶ ቢያገኝ ወረዳው ማለት የሚችለው «ድርሻው ከ40 እስከ 60 አካባቢ ነው» ብቻ ነው። የተጠየቀው ግን ከ45 እስከ 55 ነበር። 100 ሰው 5 ነጥብ ማርጂን የሚያስገኘው በ68 በመቶ ገደማ መተማመን ከረካን ነው።

በዚሁ ፈተና ስህተቱ ተገልብጦም መጥቶ ነበር። አምስተኛው ጥያቄ የአንድ ጥናት ሪፖርት ስታንዳርድ ኤረር 0.025 እንደሆነ ተናግሮ፣ ድርሻውን 0.5 ሰጥቶ፣ ስንት ሰው እንደተጠየቀ ይጠይቃል። መልሱ 0.25 ለ0.000625 ሲካፈል፣ 400 ነው። 1.96 እዚህ ምንም ሥራ የለውም። ሦስተኛውን በትክክል ከሠሩት መካከል ግን 1537 ብለው የጻፉ አገኘን። «ናሙና» የሚል ቃል ሲያዩ 1.96ን በካሬ አድርገው ያባዛሉ። እውነቱን ለመናገር እኔን ይበልጥ ያሳሰቡኝ እነዚህ ናቸው። 384 በየመመረቂያ ጽሑፉ ስለሚታይ ልጆች ቁጥሩን ከነቀመሩ ሸምድደው ይመጣሉ። ሦስተኛው ላይ ሙሉ ማርክ ያገኘው ሁሉ ገብቶት እንዳልነበር ያጋለጠው አምስተኛው ጥያቄ ነው።

ኩረጃ የሚለው ነገር እዚያው ቀረ። ባልደረባዬም ልጅቷን «አይዞሽ ልጄ፣ ሂጂ» ብለው ሸኟት። በማርኩ ላይ ግን ተከራከርን። እሳቸው አልጀብራው ትክክል ስለሆነ ግማሹ ይሰጥ አሉ። እኔ ደግሞ የጥያቄው ዋና ነገር 95 በመቶው ስለሆነ፣ እሱን ጨርሶ ያልነካ መልስ ግማሽ አይገባውም ባይ ነበርኩ። በመጨረሻ ሩቡ እንዲሰጥ ተስማማን።

በቀጣዩ ፈተና ጥያቄውን ቀየርነው። ማርጂኑን በቀጥታ ከመስጠት ይልቅ «የ95 በመቶው ክልል ከታች ጫፉ እስከ ላይ ጫፉ 0.10 ይሁን» አልን። መልሱ ያው 385 ነው፤ ማርጂኑ የክልሉ ግማሽ፣ 0.05 ነውና። 100 የሚል መልስ እጅግ ቀነሰ። በምትኩ 97 የሚል ብቅ አለ።

ባልደረባዬ መጀመሪያ የድሮው ስህተት መስሏቸው ነበር። ከዚያ እስኪሪብቷቸውን አንሥተው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አሰሉት። 1.96 በካሬ፣ ሲባዛ በ0.25፣ ሲካፈል ለ0.01፣ 96.04። «እነዚህስ 95ን አስገብተዋል» አሉኝ። «ሙሉውን ስፋት ማርጂን አድርገውት ነው። ለእነዚህ ማርኩ ከሩብ ከፍ ይበል።» ተስማማሁ።