ለአሜሪካ ዘመድ የሩጫ ጫማ ልኬት ስንልክ ማንም ያልነገረን

ጎጃም ውስጥ ለሩጫ የሚሆን ጫማ ከፈለግህ ውጭ ያለ ዘመድ መለመንህ አይቀርም። እግርህን ወረቀት ላይ ትስላለህ፣ ወረቀቱን ለዘመድህ ትልካለህ፣ ጫማው ይመጣል። እኔም ከደብረ ማርቆስ ሜሪላንድ ላለው አጎቴ በዚሁ መንገድ ነበር የላክሁት። የመጣው ጫማ ግን የጣቶቼን ጫፍ ጨምድዶ ያዘ። ጥፋቱ የልኬቱ አልነበረም። ወረቀቱ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ማታ፣ ከልምምድ በኋላ፣ እግር አበጥ ባለበት ሰዓት፣ የሩጫ ካልሲ አድርጎ መለካት ነው። ወረቀቱን ግድግዳ አስጠግቶ ተረከዝን ማስደገፍ፣ በሁለቱም እግር ቆሞ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ መሳል። ሌላ ሰው ቢስልልህ ይሻላል፤ ስታጎነብስ እግርህ ይንሸራተታል። ሁለቱንም እግር ለካ፣ ትልቁን ያዝ። የእኔ ግራ 26.1፣ ቀኝ 26.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የምልከው 26.4ን ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠጣል፣ ማስመሪያ ተጠቀም።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ወረቀቱን እዚህ ስካን አስደርጌ በቴሌግራም ላክሁት። አጎቴ ማተሚያ ቤት ሄዶ አሳተመው፣ የታተመውን ቅርጽ በመቀስ ቆርጦ መደብር ውስጥ ጫማው ላይ እያስተያየ ገዛ። የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን እኛ የምንጠቀመው ኤ ፎር ወረቀት ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አሜሪካኖች የሚያትሙበት ሌተር የሚሉት ወረቀት 27.94 ብቻ ነው። ማሽኑ ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማመቻቸት ሁሉንም ያሳንሰዋል፣ ወደ 94 በመቶ ገደማ ያወርደዋል። 26.4 የነበረው እግሬ 24.8 ሆኖ ታተመ። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጠፋ ማለት ነው፤ በጫማ ቁጥር ሁለት ቁጥር ይበልጣል። ማተሚያ ቤቱ «ልኩ ሳይቀነስ ይታተም ወይ?» ብሎ አንድ ቃል ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መፍትሔው ከእግርህ ቅርጽ ጎን አንድ የ10 ሴንቲ ሜትር መስመር በማስመሪያ ማስመር ነው። የታተመው ሲለካ 9.4 ከሆነ ወረቀቱ ይጣል። ፎቶ ብቻ መላክ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፣ ስልኩ ትንሽ ካዘመመ ቅርጹ ይዛባል። ከሁሉም ይልቅ ቁጥሩን በጽሑፍ ላክ።

ግን የትኛውን ቁጥር? ሻጮች «42 ነው፣ በቃ» ይላሉ። አይደለም። በናይኪና በአዲዳስ የወንድ 42 በሴንቲ ሜትር 26.5 ሲሆን በአሲክስ 42 ደግሞ 27 ነው። ስለዚህ አውሮፓዊውን ቁጥር ተወውና በጫማው ምላስ ውስጥ ያለውን የሴንቲ ሜትር ቁጥር እንዲያይ ለዘመድህ ንገረው። አዲዳስ ላይ 270 ተብሎ በሚሊ ሜትር ሊጻፍ ይችላል። ከገበያ የገዛኸውን አሮጌ ጫማ ቁጥር ግን አትላክ፤ አስመስሎ የተሠራ ላይ የታተመው ቁጥር አይታመንም። ቁጥሩን ብቻ ካየህ 26.4 ለሆነ እግር 26.5 የሚበቃ ይመስላል። ለእግር መንገድ እሺ፣ ለሩጫ ግን አልስማማም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሮጠ ያውቀዋል፤ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጥፍር ይጠቁራል። እኔ የምጠይቀው 27 ነው።

ሁለተኛ ጊዜ የላክሁት መልእክት ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ለጫማው እግዜር ይስጥልኝ። ቀኝ እግሬ 26.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ምላሱ ላይ በሴንቲ ሜትር 27 የሚል፣ የወንድ፣ የአስፋልት ሩጫ ጫማ ይፈልጉልኝ። በአሜሪካ ቁጥር አሲክስ ከሆነ 8.5፣ ናይኪ ወይም አዲዳስ ከሆነ 9 ነው። ከመክፈልዎ በፊት የውስጡን ስስ ሶል አውጥተው በማስመሪያ ይለኩልኝ፤ ከ27.2 በታች ከሆነ ይተዉት። ስፋቱ መደበኛው፣ ዲ የሚባለው ይሁን። ደረሰኙን ይያዙልኝ።»

የውስጥ ሶሉን መለካት ከሁሉም በላይ ያዳነኝ ነገር ነው፤ መለያው ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን፣ እግርህ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ተረከዙ በኩል ሽቅብ ስለሚታጠፍ ጠረጴዛ ላይ ተጭነው ይለኩት። የተጣበቀ ሆኖ አልወጣ ካለ ሌላ ሞዴል ይምረጡ። ልኬቱ ልክ ሆኖ አሮጌ ጫማህ ጎንና ጎኑ የሚቀደድ ከሆነ እግርህ ሰፊ ነውና ቁጥር አትጨምር፤ ሁለት ኢ የሚባለውን ሰፊ ጠይቅ። ለሴት ልጅ ከሆነ በአሜሪካ ቁጥር የወንዱና የሴቷ ስለማይገጥም፣ «የሴት» ብለህ መጻፍ አትርሳ።

ሲመጣ በሻንጣ ከሆነ ካርቶኑ ይቅር፣ ካልሲ ጠቅጥቀውበት ይላክ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ብቻ ሞክረው፤ ጭቃ የነካውን ጫማ ብዙ መደብር አይመልስም፣ በሚቀጥለው መንገደኛ ለመመለስም ሶሉ ንጹሕ መሆን አለበት።