በወር 27 ዶላር ለማዳን 3,000 ዶላር የከፈልኩበት ደንብ

የመሥሪያ ቤታችን አርካይቭ ያለው በአማዞን የክላውድ ማከማቻ፣ በS3 ላይ ነው፣ ባኬት በሚባል አንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ። ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ማንም የማይከፍታቸው የቆዩ ቪዲዮዎች፣ 14 ቴራባይት ገደማ። ሁለተኛው ሲስተሙ ለዓመታት ሲያመርታቸው የኖሩ ትንንሽ የደረሰኝ ፋይሎች። ሁሉም የተቀመጠው በውዱ ክላስ፣ በስታንዳርድ ነበር። በየወሩ ቢሉ ሲመጣ አለቃዬ «ማንም ለማያየው ነገር ነው ይሄ ሁሉ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ስታንዳርድ ለአንድ ጊጋባይት በወር 0.023 ዶላር ያስከፍላል፣ በጣም ርካሹ ክላስ ዲፕ አርካይቭ ደግሞ 0.00099። (የምጠቅሳቸው ዋጋዎች የ`us-east-1` ናቸው።) ልዩነቱ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። 30 ቀን የሞላውን ሁሉ ወደ ዲፕ አርካይቭ የሚያወርድ የላይፍሳይክል ደንብ ጻፍኩ። ማጣሪያውን ባዶ ተውኩት፤ ባዶ ማጣሪያ ማለት ባኬቱ ውስጥ ያለው በሙሉ ማለት ነው። ሐሙስ ማታ አስቀምጬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከመጻፌ በፊት እኮ አጣርቻለሁ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ደንቡ ትንንሽ ፋይል ላይ እንደማይመከር አንብቤ ስለነበር የባኬቱን ጠቅላላ መጠን በፋይሎቹ ብዛት፣ በ`NumberOfObjects`፣ አካፈልኩ። አንድ ፋይል በአማካይ 263 ኪሎባይት ወጣ። «መጥፎ አይደለም» ብዬ አለፍኩ።

አማካዩ ዋሸኝ። ቪዲዮዎቹ 20 ሺህ ፋይሎች ብቻ ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው 700 ሜጋባይት። ደረሰኞቹ ግን 60 ሚሊዮን ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው 30 ኪሎባይት። በእኔ ባኬት ውስጥ 263 ኪሎባይት የሚባል ፋይል ጭራሽ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት የበጀት ማስጠንቀቂያ ኢሜይል ደረሰኝ። ስህተት መስሎኝ ነበር። ኮስት ኤክስፕሎረር ገብቼ ወጪውን በ`API Operation` ስከፋፍለው `S3-GDATransition` የሚል መስመር ብቻውን ሰማይ ነክቷል። ሦስት ሺህ ዶላር።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ፋይል በላይፍሳይክል ደንብ ሲወርድ የሚከፈለው በጊጋባይት አይደለም፣ በፋይል ብዛት ነው። ወደ ዲፕ አርካይቭ ለእያንዳንዱ 1,000 ፋይል 0.05 ዶላር ይከፈላል። 20 ሺዎቹ ቪዲዮዎች አንድ ዶላር ፈጁ። አንድ! የእነሱ ወርሃዊ ኪራይ ከ322 ዶላር ወደ 14 ወረደ። እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። 60 ሚሊዮኖቹ ደረሰኞች ግን 3,000 ዶላር በሉ።

ታዲያ የደረሰኞቹ ኪራይ ስንት ነበር? 1.8 ቴራባይት ስለሆኑ በወር 41 ዶላር ገደማ። ከወረዱስ በኋላ? እዚህ ላይ ሁለተኛው ወጥመድ አለ። ዲፕ አርካይቭ የገባ እያንዳንዱ ፋይል ላይ 40 ኪሎባይት ይጨመርበታል። 32ቱ በዲፕ አርካይቭ ዋጋ ይሰላል። ቀሪው 8 ግን ስሙና መግለጫው ቶሎ እንዲገኝ በስታንዳርድ ዋጋ ነው። የእኔ ፋይል 30 ኪሎባይት ነው፤ ጭማሪው ከራሱ ይበልጣል። 8 ኪሎባይት በ60 ሚሊዮን ሲባዛ 480 ጊጋባይት ነው፣ በወር 11 ዶላር። ሌላው ተደምሮ አዲሱ ኪራይ 15 ዶላር አካባቢ ሆነ። የዳነው 27 ዶላር ገደማ ነው። 3,000ውን ለመመለስ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ይፈጃል።

አለቃዬ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «መመለስ አይቻልም?» አሉ። ይቻላል፣ ግን መልሶ ማውጣቱም በፋይል ነው የሚቆጠረው። በጣም ርካሽ በሆነው በ`Bulk` መንገድ ለ1,000 ፋይል 0.025 ዶላር፣ ማለትም 1,500 ዶላር። የወጣው ጊዜያዊ ቅጂ ስለሆነ በቋሚነት ስታንዳርድ ላይ ለማስቀመጥ እንደገና መኮፒያው 300 ዶላር ይጨምራል። ቁጭ ብዬ አሰላሁና ባሉበት ተውኳቸው።

ማድረግ የነበረብኝን ያወቅኩት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ደረሰኞቹን መጀመሪያ በወር በወር መጠቅለል ነበረብኝ። 60 ሚሊዮን ፋይል ከስታንዳርድ ማንበብ 24 ዶላር ብቻ ነው። እዚያው ሪጅን ውስጥ ባለ ማሽን ላይ እየጠቀለልኩ አንድ አንድ ጊጋባይት የሚሆኑ `tar` ፋይሎች ብሠራ 1,800 ፋይል ይወጣኝ ነበር። የእነሱ ማውረጃ ዘጠኝ ሳንቲም ነው፣ ኪራያቸው በወር ከ2 ዶላር በታች። የማሽኑን ኪራይ ብትጨምሩበት እንኳ ከ3,000 ጋር አይነጻጸርም። የትኛው ደረሰኝ የትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ግን ስታንዳርድ ላይ መቅረት አለበት። አለበለዚያ አንድ ደረሰኝ ፍለጋ ሁሉንም ጥቅል ታወጣላችሁ።

የአሁኑ ደንቤ ይሄ ነው፦

```json
{
  "Rules": [{
    "ID": "video-archive",
    "Status": "Enabled",
    "Filter": {"And": {
      "Prefix": "video/",
      "ObjectSizeGreaterThan": 1048576
    }},
    "Transitions": [
      {"Days": 30, "StorageClass": "DEEP_ARCHIVE"}
    ]
  }]
}
```

«ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ እኮ ከ128 ኪሎባይት በታች ያለውን ደንቡ ራሱ ይተዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ የእኔ ደንብ ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው። ቢሆንም 128 ለእኔ በቂ አይደለም። 128 ኪሎባይት ፋይል ዲፕ አርካይቭ ገብቶ የማውረጃውን ዋጋ ለመመለስ 19 ወር ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ሜጋባይት ከሆነ ሁለት ወር ከምናምን ይበቃዋል። ለዚህ ነው ወለሉን እዚያ ያደረግኩት።

ሌላው የማልስማማበት በየማብራሪያው የሚታየው የደረጃ ሥዕል ነው፤ ከስታንዳርድ ወደ ስታንዳርድ-አይኤ፣ ከዚያ ወደ ግላሲየር፣ ከዚያ ወደ ዲፕ አርካይቭ። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ማውረጃ ያስከፍላል። ማንም እንደማይከፍተው እርግጠኛ ከሆናችሁ በአንዴ ወደ ታች አውርዱት። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ደግሞ ዲፕ አርካይቭ ቦታው አይደለም፤ ከ180 ቀን በፊት ብትሰርዙትም የቀሪውን ቀን ኪራይ ትከፍላላችሁ።

ደንብ ከማስቀመጣችሁ በፊት መጠኑን በየፎልደሩ ለይታችሁ እዩ። የባኬቱ አማካይ ምንም አይነግራችሁም። S3 ኢንቬንተሪን ብታበሩት የእያንዳንዱን ፋይል መጠን በዝርዝር ያወጣላችኋል። እሱን አንድ ሁለት ቀን ብጠብቅ ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ።

ባለፈው ወር ኦዲተሮች ከእነዚያ 60 ሚሊዮን ውስጥ አንድ የ2019 ደረሰኝ ጠየቁ። አለቃዬ «አሁን ላክላቸው» አሉኝ። ከዲፕ አርካይቭ የሚወጣ ፋይል በተለመደው መንገድ እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ጥያቄውን አስገባሁና «ነገ ጠዋት ይደርሳቸዋል» አልኳቸው። ምንም አላሉም፣ መነጽራቸውን አውልቀው ብቻ አዩኝ።