ጥቅምት 30ን የማያልፍ ሠንጠረዥ

ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። የምሠራበት ድርጅት የሠራተኛ ሰርቪስ፣ የጽዳትና የጥገና አገልግሎት የሚሰጡ አቅራቢዎችን ቅድመ ብቃት ያጣራ ነበር። እኔና አንድ የግዥ ክፍል ባልደረባዬ 38 ቦክስ ፋይል ተረከብን። ከየፋይሉ የድርጅቱን ስም፣ ቲን ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ቁጥር፣ የቫት ምዝገባ፣ የብቃት ማረጋገጫና የኢንሹራንስ ሰርተፊኬት እያወጣን ኤክሴል ላይ እንሞላለን፤ ጊዜው ያለፈበትንም ለይተን ለኮሚቴው እናቀርባለን።

ከባዱ ፋይሉን ማገላበጡ ይመስል ነበር። አንዳንዱ አቅራቢ የንግድ ፈቃዱን መጀመሪያ ያወጣበትን ገጽ ኮፒ አድርጎ የታደሰበትን ይተወዋል። አንዳንዱ የንግድ ምዝገባውን አያይዞ ፈቃዱን ይረሳል። ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም፤ ምዝገባው በየዓመቱ አይታደስም፣ ፈቃዱ ግን በየበጀት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ያለ ቅጣት የሚታደሰውም ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። እኛ ፋይሉን የያዝነው እዚያው የእድሳት ጊዜ ውስጥ ስለነበር፣ ያልታደሰ ፈቃድ ያለውን «አልፏል» ብለን ከመጣል ይልቅ «በእድሳት ጊዜ ላይ» ብለን ለየነውና እየደወልን ጠየቅን። በዚህኛው በኩል ተጠንቅቀን ነበር። የሳትነው ሌላ ቦታ ነው።

የሚያበቃበትን ቀን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀን/ወር/ዓመት እያልን ነው። ከላይ አንድ ሴል ላይ የዕለቱን ቀን 10/04/2016 ብለን አስገባን፤ ታኅሣሥ 10 ማለታችን ነው። ከየረድፉ አጠገብም ይህን ቀመር አስቀመጥን።

```
=IF(D2<$H$1,"አልፏል","ጸንቷል")
```

ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ 10/04/2016 ስንለው የፈረንጆቹ ኤፕሪል 10 አድርጎ ይወስደዋል። ያ በራሱ ጉዳት የለውም፣ ሁሉንም ቀን እኩል ስለሚስት የትኛው እንደሚቀድም አይዛባምና። ደጋግመን ሞከርነው፣ ሠራ። ሐምሌ ላይ ያለቀውን «አልፏል»፣ ግንቦት ላይ የሚያልቀውን «ጸንቷል» አለ። ሠንጠረዡን አሳምረን፣ ዓምዶቹን ሁሉ መሃል ላይ አሰልፈን ለኮሚቴው ላክን።

በሦስተኛው ቀን ከሰርቪስ አቅራቢዎቹ አንዱ ደወሉ። «እህቴ፣ የመኪኖቹን ኢንሹራንስ ኅዳር ላይ አድሼ ነበር፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው የድሮው ነው፤ አዲሱን ላምጣ ወይስ ይቆይ?» አሉኝ። ሠንጠረዡን ከፈትኩ። የእሳቸው ኢንሹራንስ ፊት ለፊት «ጸንቷል» ይላል። ፋይሉን አወጣሁ፤ ሰርተፊኬቱ ከኅዳር 1 ቀን 2015 እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ይላል። ከአርባ ቀን በላይ አልፎታል። ቀኑን ስናስገባ ተሳስተን ይሆናል ብዬ ሴሉን አየሁ፤ 30/02/2016፣ ልክ ነው። ቀመሩንም አየሁ፤ ከሌሎቹ አይለይም። ሴሉን ነክቼ እንደገና ጻፍኩት፣ አሁንም «ጸንቷል»።

ከዚያ ነው 30/02ን በፈረንጆቹ ዓይን ያየሁት። ለእኛ ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው፣ ሠላሳ ቀን አለው። ለኤክሴል ግን ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ ሠላሳኛ ቀን ኖሮትም አያውቅ። ስለዚህ ያስገባነውን ቀን ብሎ አልተቀበለም፤ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ዝም ብሎ አስቀመጠው። ኤክሴል ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ሲያወዳድር ደግሞ ምንጊዜም ጽሑፉን ይበልጣል ይላል። ጥቅምት 30 ላይ የሚያበቃ ሰነድ የ2016ም ይሁን የ2006 ቀመራችን ዕድሜ ልኩን «ጸንቷል» ይለዋል። ስህተት የሚል ምልክት የለም፣ ቀይ ቀለም የለም። አንድ የሚያጋልጠው ነገር ነበር፤ ኤክሴል ቀንን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። ዓምዱን መሃል ላይ ስናሰልፈው ያችን ምልክት በገዛ እጃችን አጠፋናት።

በጣም ደነገጥኩ። የአንድ አቅራቢ ጉዳይ አልነበረም፣ ቀኑ ራሱ ተራ ቀን አይደለም። ኅዳር 1 የጀመረ የአንድ ዓመት ውል ሁሉ የሚያበቃው ጥቅምት 30 ነው። ባዶ ዓምድ ላይ ሴሉ ጽሑፍ መሆኑን የሚጠይቀውን `=ISTEXT(D2)` ጽፌ እስከ ታች ጎተትኩት። 11 ሴል TRUE አለ። ስምንቱ ጥቅምት 30 ናቸው። ሁለቱ ጳጉሜን 5፣ ማለትም 05/13፤ አሥራ ሦስተኛ ወርም ለኤክሴል የለም። አንዱን ባልደረባዬ «ሰኔ 30/2016» ብሎ በፊደል ጽፎት ነበር። ከ11ዱ ዘጠኙ በእርግጥ ጊዜያቸው አልፏል።

በዚያው ከሰዓት ለአለቃዬ ነገርኳቸውና ሠንጠረዡን ከኮሚቴው እንድንመልሰው ጠየቅኩ። አልተቆጡም። «ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ነው፤ ዘጠኙን ደውላችሁ ጨርሱ» አሉኝ። ደወልን። ሰባቱ አድሰዋል፣ ኮፒውን ፋይል ውስጥ አላስገቡትም እንጂ። ሁለቱ አላደሱም። ከሁለቱ አንዱ ሚኒባሶቹን ለሠራተኛ ሰርቪስ ያቀረበ ነው፤ የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋኑ ካበቃ ወር አልፎታል። ያን ዝርዝር እንዳለ አጽድቀነው ቢሆን፣ ጠዋት ጠዋት የሥራ ጓደኞቼ የሚሳፈሩት መድን በሌለው መኪና ነበር።

አዲሱን ሠንጠረዥ የሠራነው ቀን የሚባለውን የኤክሴል ነገር ጨርሶ ሳንነካ ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት በየራሳቸው ዓምድ ይገባሉ፤ ቀጥሎ አንድ ቁጥር ይሆናሉ።

```
=G2*10000+F2*100+E2
```

ጥቅምት 30 ቀን 2016 እንዲህ 20160230 ይሆናል፣ ታኅሣሥ 10 ደግሞ 20160410። ጳጉሜንም 13 ብላ ቦታዋን ትይዛለች። ወሩ ላይ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ላይ ከ1 እስከ 30 ካልሆነ እንዳይቀበል ገደብ አደረግንበት፤ አንዱ ዓምድ ባዶ ከሆነም «ጸንቷል» ሳይሆን «ይታይ» ይላል። ከዓመቱ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ዓምድ ጨመርን። የውጭ አምራቾች የጥራት ሰርተፊኬት በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና፣ 2023 የሚለውን እንዳለ ከእኛው 2016 ጋር ብናወዳድረው ያለፈው ሰነድ ገና ሰባት ዓመት የሚቀረው ይመስላል። እ.ኤ.አ. የተባለውን መጀመሪያ ወደ እኛ ቀይረን እናስገባዋለን፣ የሰነዱንም ቀን እንዳለ በማስታወሻ ዓምድ እናቆየዋለን። 38ቱንም ፋይል እንደገና ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን፤ እኔ የሞላሁትን ባልደረባዬ፣ እሱ የሞላውን እኔ።

ላላደሱት ሁለቱ ደብዳቤ ጻፍን፤ እስኪያድሱ ከዝርዝሩ ወጡ። ስልክ የደወሉት ሰውዬ በሳምንቱ አዲሱን ሰርተፊኬት ይዘው መጡ። አመስግኜ ተቀበልኳቸውና እዚያው ፊታቸው አስገባሁት። የሚያበቃው ጥቅምት 30 ቀን 2017 ነው፤ ሠንጠረዡ 20170230 ብሎ ተቀበለው።