«ማጠብ 11 ነጥብ ይቀንሳል?»፦ ሁለት ስሎፕ ያለው ሪግሬሽን አነባበብ

እዚህ ጅማ ሪግሬሽን አብረን የምንማር ጓደኛሞች አለን። ሰሞኑን የያዝነው ክፍል ኢንተራክሽን ነው፦ አንዱ ተለዋዋጭ ቁጥር ሆኖ ሌላው 0 ወይም 1 የሆነ ቡድን ሲሆን፣ መስመሩም በየቡድኑ የተለያየ ስሎፕ ሲኖረው። ሞዴሉን መሥራት የአንድ መስመር ኮድ ጉዳይ ነው። ሰው የሚደናገረው ውጤቱ ሲወጣ ነው። እኔም ከሞላ ጎደል የገባኝን እዚህ ላካፍላችሁ።

ምሳሌው ቡና ነው። ጅማ ተቀምጦ ሌላ ምሳሌ መፈለግ ያስተዛዝባል። ዳታው ግን እውነተኛ አይደለም፣ ለልምምድ የተፈጠረ ነው፤ ቁጥሮቹንም ለንባብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ስለዚህ ማንም «በጅማ ቡና እንዲህ ተገኘ» ብሎ እንዳይጠቅሰኝ። 110 ናሙናዎች አሉ፦ 70ው በጀንፈል የደረቀ፣ 40ው የታጠበ። `netib` ቀማሾች የሰጡት ነጥብ ነው። `kefta` ማሳው ከባህር ወለል በላይ ያለው ከፍታ በመቶ ሜትር ነው፤ 15 ማለት 1500 ሜትር። ናሙናዎቹ ከ1500 እስከ 2000 ሜትር ድረስ ተሰራጭተዋል። `tatebe` ለታጠበው 1፣ ለደረቀው 0 ነው።

```r
m1 <- lm(netib ~ kefta * tatebe, data = buna)
summary(m1)
```

```
              Estimate  Std. Error
(Intercept)     60.0       2.6
kefta            1.0       0.15
tatebe         -11.2       4.4
kefta:tatebe     0.8       0.25
```

ይህን ሰሌዳ ለቡድናችን ሳሳይ፣ ቅምሻ የምትሠራ አንዲት ጓደኛችን ዓይኗ ሦስተኛው መስመር ላይ ቀረ። «ቆይ፣ ማጠብ ቡናውን 11 ነጥብ ይቀንሳል ልትለን ነው? ያውም ኮከብ ያለበት?» አለች። እውነትም እዚህ ባልገለበጥኩት ዓምድ ላይ ፒ-ቫሊዩው 0.01 አካባቢ ነው፤ ከ0.05 ስለሚያንስ ኮምፒውተሩ ኮከብ ይሰጠዋል። የታጠበ ቡና በየቀኑ ለሚቀምስ ሰው ግን ይህ ቀልድ ነው የሚመስለው። ቁጥሩም ስህተት የለበትም።

ነገሩ የሚገባው ሞዴሉን ለየቡድኑ ስንጽፈው ነው። `tatebe` 0 ሲሆን ሁለቱ የታችኛው መስመሮች ይጠፋሉ። የደረቀው ቡና መስመር 60 + 1.0 × ከፍታ ይሆናል። `tatebe` 1 ሲሆን ግን ሁሉም ይደመራል፦ 60 − 11.2 = 48.8 መነሻው፣ 1.0 + 0.8 = 1.8 ስሎፑ። የታጠበው መስመር 48.8 + 1.8 × ከፍታ ነው።

አሁን ሁለቱን መስመሮች አቀናንሱ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት −11.2 + 0.8 × ከፍታ ነው። ማለትም ልዩነቱ አንድ ቁጥር አይደለም፤ ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። −11.2 የሚሆነው ከፍታው 0 ሲሆን ብቻ ነው። ከፍታ 0 ማለት የባህር ዳርቻ ነው። እዚያ የቡና ማሳ የለንም፤ የእኛ ዝቅተኛው ናሙና 1500 ሜትር ላይ ነው። ሞዴሉ ሁለቱን መስመሮች ወደ ግራ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር አርዝሞ፣ ማንም ያልለካበት ቦታ ላይ ያለውን ክፍተት ነው የነገረን።

ለዚህ ነው ኢንተራክሽን ባለበት ሞዴል ውስጥ «የማጠብ ውጤት» ብሎ አንድ መስመር ማንበብ የማይቻለው። `kefta` ላይ ያለው 1.0ም እንዲሁ ነው። የሁሉም ቡና ስሎፕ አይደለም፣ አማካይም አይደለም። የደረቀው ቡና ብቻ ነው፣ ምክንያቱም 0 ብለን የሰየምነው እሱን ነው። 0.8ን ደግሞ ብዙ ሰው የታጠበው ስሎፕ አድርጎ ያነበዋል። 0.8 ጭማሪው ነው፦ የታጠበው ቡና በየመቶ ሜትሩ ከደረቀው በላይ የሚያገኘው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዜሮው ትርጉም ያለው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ከከፍታው ላይ 17.5 መቀነስ። 1750 ሜትር የናሙናዎቹ መሃል ነው፤ ለጅማ ከተማ ከፍታም ቀረብ ስለሚል ለማሰብ ይመቻል።

```r
buna$kefta_c <- buna$kefta - 17.5
m2 <- lm(netib ~ kefta_c * tatebe, data = buna)
```

አሁን መነሻው 77.5 ይሆናል፤ በ1750 ሜትር ላይ ያለ የደረቀ ቡና የሚጠበቅለት ነጥብ። `tatebe` ደግሞ ከ−11.2 ወደ +2.8 ይገለበጣል፣ ስታንዳርድ ኤረሩም ከ4.4 ወደ 0.36 ይወርዳል። በመጀመሪያ ሲታይ ዳታው የተነካ ይመስላል። ግን `kefta_c` አሁንም 1.0 ነው፣ ኢንተራክሽኑም 0.8 ከነስታንዳርድ ኤረሩ 0.25 ሳይነቃነቅ ቁጭ ብሏል። ለእያንዳንዱ ናሙና የሚተነበየው ነጥብም አንድ ነው። ሞዴሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክፍተቱን የምንለካበት ቦታ ነው። ስታንዳርድ ኤረሩ የወረደውም አሁን የምንለካው የናሙናዎቹ መሃል ላይ ስለሆነ ነው። ከዳታው ርቀን በሄድን ቁጥር የስሎፖቹ ጥርጣሬ ከርቀቱ ጋር እየተባዛ የክፍተቱን ጥርጣሬ ያሰፋዋል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፣ እኔ በጣም የወደድኩት ክፍል ነው። `tatebe` ላይ ያለው ኮከብ ዜሮውን እንደመረጥንበት ቦታ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ምልክቱም ይገለበጣል። 15ን ብንቀንስ ኖሮ ክፍተቱ 0.8 ሆኖ ኮከብ አያገኝም ነበር። ስለዚህ «ማጠብ ሲግኒፊካንት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎዶሎ ነው። በስንት ሜትር ላይ? ካልተባለ መልስ የለውም። የኢንተራክሽኑ ኮከብ ግን በዚህ አይናወጥም።

ጓደኛችን ቀጥላ ሌላ ጥያቄ አመጣች፦ «እሺ፣ የታጠበው ስሎፕ 1.8 ነው። የእሱ ስታንዳርድ ኤረር ስንት ነው? ሰሌዳው ላይ የለም።» ብዙዎቻችን 0.15ንና 0.25ን በስኩዌር ደምረን ሥሩን ማውጣት ነበር የቃጣን። ያ 0.29 ይሰጣል፣ ግን ልክ አይደለም። ሁለቱ ግምቶች የተያያዙ ናቸው፤ ኢንተራክሽኑ ሲሰላ የደረቀው ስሎፕ ይቀነስበታልና፣ የደረቀው ስሎፕ በአጋጣሚ ከፍ ብሎ ከተገመተ ኢንተራክሽኑ ዝቅ ይላል። ያንን ኮቫሪያንስ ያላስገባ ስሌት ጥርጣሬውን ያጋንናል። በእጅ ከማስላት ቡድኑን መገልበጥ ይቀላል፦

```r
buna$derek <- 1 - buna$tatebe
m3 <- lm(netib ~ kefta_c * derek, data = buna)
```

አሁን 0 የተባለው የታጠበው ስለሆነ `kefta_c` በቀጥታ 1.8 ይላል፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.20። ኢንተራክሽኑ −0.8 ይሆናል፣ ምልክቱ ብቻ ተገልብጦ። ሞዴሉ አሁንም ያው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሁለቱን ቡድን ለየብቻ ሪግሬሽን ሠርቶ «እዚህ ኮከብ አለ፣ እዚያ የለም፣ ስለዚህ ስሎፖቹ ይለያያሉ» ማለት አይሠራም። እዚህ ሁለቱም ስሎፖች ኮከብ አላቸው፣ ግን ይለያያሉ። ልዩነቱን የሚፈትነው የኢንተራክሽኑ መስመር ብቻ ነው።

ታዲያ ውጤቱን ለገበሬ ማኅበር ወይም ለቀማሽ እንዴት እንንገረው? እኔ ሰሌዳውን ትቼ ክፍተቱን በሦስት ከፍታዎች መናገር መርጫለሁ። በ1500 ሜትር የታጠበው በ0.8 ነጥብ ይበልጣል፣ ግን የ95 በመቶ ክልሉ ከ−0.6 እስከ 2.2 ስለሆነ ልዩነት አለ ብሎ መማል አይቻልም። በ1750 ሜትር ክፍተቱ 2.8 ነው፣ ከ2.1 እስከ 3.5። በ2000 ሜትር 4.8፣ ከ3.4 እስከ 6.2። ይህን ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ክልሉ ጫፍ ላይ ሰፋ፣ መሃል ላይ ጠበብ እንደሚልም አስተውሉ።

አንድ ሰው «መስመሮቹ የት ይገናኛሉ?» ማለቱ አይቀርም። 11.2ን ለ0.8 ስናካፍል 14 ይመጣል፣ 1400 ሜትር። «ከዚያ በታች ማድረቅ ይሻላል» ለማለት ያጓጓል። ከ1500 በታች አንድም ናሙና የለንም፣ ስለዚህ ዝም ማለት ነው። የባህር ዳርቻውን ክፍተት ካልተቀበልን ይህንንም የምንቀበልበት ምክንያት የለም።

እስካሁን ያልኩት ስለ አነባበብ ነው። እውነተኛ ዳታ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው ለቀማ ነው። ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚሄደው ቀይ እሸት ነው፤ ጥሬው ተለቅሞ ይወጣል። ጀንፈል ውስጥ ግን አረንጓዴውም መሬት የወደቀውም ተቀላቅሎ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ 0.8 የማጠቡ ይሁን የለቀማው ሞዴሉ ሊለይልን አይችልም፤ የለቀማውን ጥራት ራሱን መዝግበን ካላስገባን በቀር። ስለዚህ እኔ «ማጠብ ስሎፑን ይጨምራል» አልልም፤ «በታጠበው ቡና ስሎፑ ይበልጣል» እላለሁ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የደረቀው ከዝቅተኛ ማሳ፣ የታጠበው ከከፍተኛ ማሳ ብቻ ቢመጣ ምን ይሆናል? የከፍታና የነጥብ ግንኙነት ለሁሉም ቡና አንድ ሆኖ ነገር ግን ጎበጥ ያለ ቢሆን፣ አንዱ ቡድን ለጥ ያለውን ክፍል፣ ሌላው ሽቅብ የሚወጣውን ክፍል ያያል። ሞዴሉ ሁለት ቀጥታ መስመር ብቻ ስለተፈቀደለት ሁለት ስሎፕ ይሰጣችኋል፣ ኢንተራክሽኑም በኮከብ ያሸበርቃል። ቡድኖቹ የሚለያዩት ግን በከፍታ ብቻ ነው። ይህን ለመያዝ ሰሌዳ አይበቃም። ሁለቱን ቡድኖች በተለያየ ቀለም ነጥቦ፣ በከፍታ ምን ያህል እንደሚደራረቡ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ የከፍታውን ስኩዌር ጨምሮ ኢንተራክሽኑ መቆሙን መፈተሽ፦

```r
m4 <- lm(netib ~ kefta_c * tatebe + I(kefta_c^2), data = buna)
```

0.8ው እዚህም ብዙ ካልተነቃነቀ ጥሩ ነው። ወደ ዜሮ ከተሰበሰበ፣ መጀመሪያ ያየነው የመስመሩ ጉብጠት ሳይሆን አይቀርም። ቡድኖቹ ጨርሶ ካልተደራረቡ ግን ይህም ፈተና አቅም የለውም። ያኔ የሚያስፈልገው ከከፍተኛው ማሳ የደረቀ፣ ከዝቅተኛው የታጠበ ናሙና ነው። በሚቀጥለው ክፍል የምንይዘው ይህንኑ ነው፤ ሆን ብዬ ያልተደራረበ ዳታ ፈጥሬ ለቡድኑ እሰጣለሁ፣ ጉብጠቱ የት እንደተደበቀ ማን ቀድሞ እንደሚያገኘው እናያለን።