ድብልቅ ሸሚዝን እንደ ጥጥ አትጠቡት

ይህን የምጽፈው ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ለሥራ የምለብሳቸው ሸሚዞች 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ ናቸው። ቶሎ ይደርቃሉ፣ ብዙም አይጨማደዱም፣ ሲታጠቡም እንደ ንጹሕ ጥጥ አያጥሩም። ሻጩ የነገረኝ ይህንን ብቻ ነው። ስለ ጠረኑ ያነሳልኝ አልነበረም።

ታጥቦ የደረቀው ሸሚዝ ጠዋት ምንም አይሸትም። ሰውነት ሲያሞቀው ግን የቆየ የላብ ጠረን ከብብቱ ይወጣል። ካውያ ሲነካውም እንደዚያው ነው። ሳሙና ማብዛት ምንም አልለወጠም።

ምክንያቱ ሁለቱ ክሮች ፀባያቸው ስለማይገናኝ ነው። ጥጥ ውሃ ይወዳል። ደረቅ በምንለው ጊዜ እንኳ ከአየር የሚወስደው እርጥበት ከክብደቱ ከ7 እስከ 8 በመቶ ይደርሳል። ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ውሃን ቢሸሽም ቅባትን አጥብቆ ይይዛል፤ ጠረኑ የሚኖረው ደግሞ ከቆዳችን በሚወጣው ቅባት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ጥጡን በደንብ ያጥበዋል፣ ፖሊስተሩ ላይ የተጣበቀውን ቅባት ግን እዚያው ትቶት ይሄዳል።

ሽታው አልለቅ ሲል ሸሚዞቹን ላውንደሪ ሰጠሁ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በአንገቱ በኩል የተሰፋው ምልክት ከ40 ዲግሪ አይለፍ ይላል። እነሱ ከነጭ የጥጥ አንሶላ ጋር በጣም በሞቀ ውሃ አጠቡት። ሳይበርድም በማሽኑ አጥብቀው ጨመቁት። ፖሊስተር ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ይለዝባል፣ ውሃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት። በለዘበበት ሰዓት የታጠፈ እጥፋት ሲቀዘቅዝ እንደታጠፈ ይቀራል። ጀርባው ላይ በየአቅጣጫው የተሰነጣጠቀ የሚመስል መስመር ይዞ መጣ። ያንን ለማቃናት ብለው ለጥጥ በሚሆን የካውያ ሙቀት ተኮሱት። ስፌቱና የኪሱ ጠርዝ አብለጨለጨ። ስጠይቃቸው «ጨርቁ ነው እንጂ እኛ ምን አደረግን» አሉኝ። ጨርቁማ ምን እንደሆነ ምልክቱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ የእነሱ ሥራ ነበር።

መስመሩ ለቀቀልኝ። እርጥብ ጨርቅ ደርቤ በመካከለኛ ሙቀት፣ ማለትም ካውያው ላይ ባለው ሁለት ነጥብ፣ በእንፋሎት ተኮስኩት። ከዚያ ሳላነሳው ተዘርግቶ እንዲበርድ ተውኩት። ሳይበርድ ማንሳት አዲስ እጥፋት መሥራት ነው። የሚያብለጨልጨው ቦታ ግን አልተመለሰም። እሱ በሙቀት ለዝቦ የተጨፈለቀ ፖሊስተር ስለሆነ መድኃኒት የለውም።

ጠረኑን ያስለቀቀልኝ ሙቀት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው። ሸሚዙን ውሃ ሳይነካው፣ ገና ደረቅ እያለ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ብብቱና ኮሌታው ላይ ጠብ አድርጌ በጣቴ አሻለሁ። መጀመሪያ ቢረጥብ ውሃው ሳሙናውን ስለሚያቀጥነው ቅባቱን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ካቆየሁት በኋላ ገልብጬ በ40 ዲግሪ አጥባለሁ። ማሽኑን አላጭቀውም፣ መጭመቂያውንም ዝቅ አደርገዋለሁ።

ብዙዎች ለሽታ ማለስለሻ ጨምሩ ይላሉ። እኔ ለእነዚህ ሸሚዞች ጨርሶ አልጨምርም። ማለስለሻ ክሩን ራሱ ቅባትነት ባለው ነገር ይለብጠዋል፤ የጥጡ ውሃ የመምጠጥ ችሎታም ይቀንሳል። ሽታውን ለአንድ ቀን በሽቶ ሸፍኖ ለሚቀጥለው እጥበት ሥራ ያበዛል። ምልክቱ በማድረቂያ ማሽን ይደርቃል ቢልም፣ ብብቱ ሞቆ የማይሸት መሆኑን ሳላረጋግጥ አላስገባውም። የቀረ ቅባት በዚያ ሙቀት ይበልጥ ይጣበቃል። በካውያ ለአፍታ አሙቆ ማሽተት በቂ ፈተና ነው።

ሸሚዙ ሲለበስም ሁለቱ ክሮች እኩል አያረጁም። ኮሌታው ከአንገት ጋር ሲፋተግ መጀመሪያ የሚሳሳው ጥጡ ነው። ንጹሕ ጥጥ ላይ የሚወጡት ትንንሽ ድቡልቡል ክሮች ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ይረግፋሉ። ድብልቅ ላይ ግን ጠንካራው ፖሊስተር ይዞ ያስቀራቸዋል። በእጅ አትንቀሉ፤ ሌላ ክር አብሮ ይመዘዛል። ጨርቁን ወጥራችሁ በመላጫ ወይም በትንሽ መቀስ ከላይ ከላይ ቁረጡ።

ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ሸሚዝ ከሆነ ሌላም ነገር ይታያል። ጥጡና ፖሊስተሩ በተለያየ ቀለም ዓይነት ነው የሚነከሩት። ጥጡ ሲያልቅ የኮሌታው ጠርዝ ከቀረው ሸሚዝ የተለየ መልክ ይይዛል። ይህን በማጠብ ማስተካከል አይቻልም። ገልብጦ ማጠብ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ጥቁር ሸሚዝ ስገዛ አሁን የምመርጠው ንጹሕ ጥጥ ነው፣ መተኮሱ ቢበዛም።